ትንፋሽ ይዞ መውጣት፦ ስለ ስኩባ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ መታረም ያለበት ነገር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ስኩባ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ውሃ ውስጥ ስለ መጥለቅ፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ነበር ማንበብ የጀመርኩት። ስለ መሣሪያዎቹ የቀረበው ማብራሪያ ጥሩ ነው። አንድ ቦታ ስደርስ ግን ደነገጥኩ። ጽሑፉ ጀማሪ ሰው ከ5 ሜትር በላይ እስካልጠለቀ ድረስ የሚያሰጋው ነገር እንደሌለ ይናገራል። ችግር ከገጠመው ደግሞ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ይውጣ ይላል። ስኩባ የማሠለጥን ሰው ነኝና ይህን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከሲሊንደር አየር የሳበ ሰው ትንፋሹን ይዞ ከወጣ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ይህ ደግሞ በዋና ገንዳ ውስጥም ያጋጥማል።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። ያለ መሣሪያ የሚዋኝ ሰው ሁልጊዜ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚወርደውም የሚወጣውም፤ ሳንባው ምንም አይሆንም። ምክንያቱም አየሩን የሳበው ላይ ሆኖ ነው። ሲወርድ የውሃው ግፊት ያንን አየር ያጨምቀዋል። ሲወጣ አየሩ ወደ ነበረበት መጠን ይመለሳል እንጂ ከዚያ አይበልጥም።

የስኩባ ጠላቂ ነገር ሌላ ነው። አፉ ላይ የያዘው ሬጉሌተር አየሩን የሚሰጠው በዙሪያው ካለው ውሃ ጋር እኩል በሆነ ግፊት ነው። እንዲያ ባይሆን ደረቱን ከፍቶ መተንፈስ አይችልም ነበር። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው ወለል በላይ ካለው እጥፍ ነው። ስለዚህ እዚያ ሆኖ ሳንባውን ሲሞላ፣ ላይ ሆኖ ከሚስበው እጥፍ አየር ነው የሚያስገባው። ሮበርት ቦይል በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው ግፊት በግማሽ ሲቀንስ የጋዝ መጠን እጥፍ ይሆናል። ያ ሁሉ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቦታ ይፈልጋል።

ሥልጠና ላይ በተደጋጋሚ የምንጠነቀቅለትን ሁኔታ ልውሰድ። ሠልጣኙ ገንዳ ውስጥ 4 ሜትር ላይ ተንበርክኮ፣ መነጽሩ ውስጥ የገባውን ውሃ የማስወጣት ልምምድ ያደርጋል። ውሃው አፍንጫው ውስጥ ይገባበታል። ይደነግጣል። አንድ ትልቅ ትንፋሽ ይስብና ጉሮሮውን ዘግቶ ወደ ላይ ይፈናጠራል። ሙሉ ሳንባው 6 ሊትር ይይዛል እንበል። 4 ሜትር ላይ ግፊቱ 1.4 ባር ገደማ ነው። ያ 6 ሊትር አየር ላይ ሲደርስ 8.4 ሊትር መሆን ይፈልጋል። ትርፉን 2.4 ሊትር የሚይዝ ቦታ ግን ደረቱ ውስጥ የለም። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው።

አሁን ከዚህ ጋር አንድ ልምድ ያለው ጠላቂ እናስተያይ። ከ30 ሜትር ወደ 20 ሜትር ሲወጣ ግፊቱ ከ4 ባር ወደ 3 ባር ይወርዳል። ያው 6 ሊትር 8 ሊትር ይሆናል። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው 10 ሜትር ተጉዞም አየሩ የገንዳውን ሠልጣኝ ያህል አልሰፋም። መጠኑ በብዛት የሚለወጠው ወደ ላይኛው የውሃ ክፍል በተጠጋን ቁጥር ነው። ከ5 ሜትር በላይ ካልጠለቁ ስጋት የለም የሚለው አባባል እውነታውን የሚገለብጠው ለዚህ ነው። ሳንባው ጢም ብሎ ከሞላ፣ ጉሮሮን ዘግቶ የ1 ሜትር ያህል መውጣት እንኳን ጉዳት ለማድረስ ሊበቃ ይችላል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ሳንባ ቀድሞ አለማስጠንቀቁ ነው። ጆሮ ግፊት ሲበዛበት ያማል፤ ጠላቂው ወዲያው ያውቃል። ሳንባ ግን ሲለጠጥ እንዲህ ዓይነት ሕመም የለውም። ትንንሾቹ የአየር ከረጢቶች ሲቀደዱ አየሩ ያገኘውን መንገድ ይዞ ይሄዳል። አንዳንዴ በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ይገባና ሳንባውን ያኮማትረዋል። ያኔ ደረት ላይ የሚወጋ ሕመምና የትንፋሽ ማጠር ይመጣል። አንዳንዴ በልብ ዙሪያ አልፎ ወደ አንገት ይወጣል። ድምፅ ይለወጣል፣ የአንገት ቆዳ ሲነካ ከሥሩ እንደ ላስቲክ ከረጢት ይንኮሻኮሻል።

የከፋው አየሩ ደም ውስጥ ሲገባ ነው። አረፋዎቹ ከሳንባ ወደ ልብ ግራ ክፍል፣ ከዚያ በደም ቅዳ ወደ አንጎል ይሄዳሉ፤ የደም መንገዱንም ይዘጋሉ። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከውሃ በወጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይታያል። ሰውየው ራሱን ይስታል፣ ወይም አንድ ጎኑ ይዝላል፣ ንግግሩ ይንተባተባል፣ ዓይኑ ይጋረድበታል። ብዙ ሰው ይህን ናይትሮጅን ከሚያመጣው በሽታ ጋር ያምታታዋል። ያኛው ጥልቀትና ቆይታ ይፈልጋል። ይሄኛው አንድ የተያዘ ትንፋሽ ይበቃዋል። ስለዚህ ውሃው ጥልቅ አልነበረም፣ የቆየውም 5 ደቂቃ ነው ብሎ ምልክቱን ማቃለል አይገባም።

ታዲያ የተቸገረ ጠላቂ ምን ያድርግ? ሬጉሌተሩ አፉ ላይ ካለ መተንፈሱን አያቁም። አየር ካለቀበት ቅርብ ያለው ጓደኛው ተጨማሪውን ሬጉሌተር ይሰጠዋል። ጓደኛው ሩቅ ከሆነና ብቻውን መውጣት ካለበት፣ ራሱን ቀና አድርጎ «ኣ» የሚል ድምፅ እያሰማ፣ አየሩን ቀስ በቀስ እየለቀቀ ይውጣ። ድምፁ ጉሮሮው ክፍት ለመሆኑ ማረጋገጫ ነው። ገና ሲጀምር ሁሉንም አየር አስወጥቶ ሳንባውን ባዶ ማድረግም ጥሩ አይደለም፤ ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች ሊዘጉና አየር ሊያግቱ ይችላሉ። በማንሳፈፊያ ጃኬቱ ውስጥ ያለው አየርም አብሮ እየሰፋ ሽቅብ ይጎትተዋልና እሱንም እያስተነፈሰ መውጣት አለበት። በተለመደ መጥለቅ የመውጣት ፍጥነቱ በደቂቃ ከ9 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

በትክክል እየተነፈሱ የወጡም የሚጎዱበት ጊዜ አለ። አስም ወይም አክታ የዘጋው ቧንቧ ካለ፣ ከኋላው ያለው አየር መውጫ ያጣል። ጉንፋንና ሳል ይዞት የመጣን ሠልጣኝ ቅር ቢለውም ውሃ ውስጥ የማላስገባው ለዚህ ነው። አስም ያለበት ደግሞ መጀመሪያ መጥለቅን የሚያውቅ ሐኪም ይየው።

ምልክት የታየበትን ሰው በጀርባው አስተኝቶ 100 በመቶ ኦክስጅን መስጠትና ወዲያው የድንገተኛ ሕክምና መጥራት ያስፈልጋል። መልሶ ወደ ውሃ ማውረድ ፈጽሞ አይሞከርም። አንጎሉ የተነካ ከመሰለ ሕክምናው ሰው ሠራሽ የግፊት ክፍል ውስጥ ነው፤ ግፊቱ አረፋውን ያሳንሰዋል፣ ኦክስጅኑም ያሟሟዋል። «ተሻለኝ» ቢልም መመርመር አለበት፣ ምልክቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላልና። ለሐኪሙ የሚነገረው የመጀመሪያ ነገር ከሲሊንደር አየር ይተነፍስ እንደነበረ ነው። ይህ ካልተነገረ እንደ ተራ የስትሮክ ሕመምተኛ ሊታይ ይችላል።

ትንፋሽ ይዞ ስለ መውጣት የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ከድረ ገጻችሁ እንዲነሳ፣ በሚቀጥለው እትምም ማረሚያ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። ማረሚያው ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ ቢሆን ያንኑ አንባቢ ያገኘዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የስኩባ አሠልጣኝ