ለአያትህ ያልኸው ነገር፦ ደብዳቤ ለልጄ

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ፣

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አያትህ ግን ከሄድህ ጀምሮ ቡና አላፈላችም። ዛሬ አስራ አንደኛ ቀኗ ነው። ራሴን አመመኝ ትላለች። የግፊት ክኒኗን እየቆጠርሁ ስለምሰጣት ግፊት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የሆነውን የነገረችኝ እህትህ ናት። ዕጣኑ እየጨሰ፣ ለመንገድህ ዱዓ ልታደርግልህ እጇን ስታነሳ፣ ከመሃል ብድግ ብለህ «ይሄ ሺርክ ነው፣ በአላህ ላይ ማጋራት ነው፣ ሙሽሪክ ሆነሻል» አልሃት አሉ። ስኒዋን አስቀምጣ ዝም አለች። ይህ ሳያንስ ግቢ ከደረስህ በኋላ ነገሩን በቴሌግራም ጽፈኸዋል። የአጎትህ ልጅ አምጥቶ አሳየኝ። ስም አልጠራህም፤ ግን «የገዛ አያቴ» ይላል። ከስሩ ስንት ሰው «ጀግና» ብሎሃል!

ምላስህን ሰብስብ። ደብዳቤውን እዚህ ላይ ብትተወው እንኳ ይቺን ያዝልኝ፤ ምላስህን ሰብስብ።

ተውሒድን፣ የአላህን አንድነት፣ መማርህን አልጠላሁም። እኔ በአንተ ዕድሜ የኢኽላስን ሱራ አራት አንቀጽ እንደ ወፍ እደግም ነበር እንጂ «ሰመድ» ምን ማለት እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም። ሁሉ የሚፈልገው፣ እርሱ ግን ማንንም የማይፈልግ ማለት ነው። አንተ ይህን በጊዜ ስላወቅህ ደስ ይለኛል። ጌትነቱን ሩቡቢያ፣ ተመላኪነቱን ኡሉሂያ፣ ስሞቹንና ባሕርያቱን አስማእ ወሲፋት እያልህ ስትከፋፍለውም ሰምቼሃለሁ። በ1328 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ደማስቆ የሞቱት ኢብን ተይሚያ ይበልጥ ያሳወቁት አከፋፈል ነው። ለትምህርት ጥሩ ነው። ግን ሰው መምቻ ዱላ አይደለም።

የአከፋፈሉ ጥቅም የመካ ሰዎችን ስታይ ይገባሃል። ሰማይና ምድርን ማን ፈጠረ ብትላቸው «አላህ» ይሉሃል። ይህን ራሱ ቁርኣን በዐንከቡት ሱራ ይመሰክርላቸዋል። ፈጣሪን አንድ ማለቱ አልጎደላቸውም። መርከብ ላይ ማዕበል ሲያስጨንቃቸው እርሱን ብቻ ይጠሩ ነበር፤ የብስ ሲደርሱ ወደ ሌላው ይመለሳሉ። ለምን ሲባሉም «ወደ አላህ እንዲያቀርቡን ብለን ነው» ይላሉ። ስለዚህ ጥያቄው ስንት አምላክ አለ ብቻ አይደለም። ሲጨንቅህም ሲደላህም እጅህን ወደ ማን ታነሳለህ ነው።

አሁን ወደ አያትህ ዱዓ እንምጣ። ስልሳ ዓመት ያለችው ነው፣ በቃሌ አውቀዋለሁ። «ያ ረቢ፣ በነቢ ይዤሃለሁ፣ ልጄን ከክፉ ጠብቅልኝ» ነው የምትለው። ቃሉን ቁጭ ብለህ ስማው። የምትጠራው ማንን ነው? ረቢን። ጠብቅልኝ የምትለው ማንን ነው? ረቢን። «በነቢ» ያለችው መያዣዋ ነው። እንዲህ ብሎ መለመን ይቻላል ያሉ ትልልቅ ዑለሞች አሉ፣ አይቻልም ያሉም አሉ። ሁለቱም ወገን የሚያነሱት አንድ ታሪክ ነው። ዑመር ድርቅ ሲገባ በነቢዩ አጎት በዐባስ ይዘው አላህን ዝናብ ለምነዋል። አንዱ ወገን «ይኸው በሰው መያዝ ይቻላል» ይላል። ሌላው «ዐባስ በሕይወት ስለነበሩ ዱዓ አድርጉልን ማለታቸው ነው» ይላል። ሺህ ዓመት የተከራከሩበትን ነገር አንተ በአንድ ሲኒ ቡና ጨረስኸው?

ደግሞ አላድበሰብስልህም። አንዳንዴ እንቅፋት ሲመታት «ያ ሸህ ድረሱልኝ!» ትላለች። ይቺኛዋ ሌላ ናት። እዚህ ላይ የተጠሩት ሸሁ ናቸው፣ ድረሱ የተባሉትም እርሳቸው። የሞተ ሰው ከመቃብሩ ሆኖ ይደርስልኛል ካልህ የአላህን ሥራ ለሌላ ሰጥተሃል። ይቺን እኔም አልወዳትም፣ ነግሬያታለሁም። ግን ቃሉ ስህተት ነው ማለትና ሴትዮዋ ሙሽሪክ ናት ማለት ለየቅል ነው። ለሁለተኛው ማወቋን፣ ማሰቧን፣ ማስረጃው ደርሷት እምቢ ማለቷን ማጣራት አለብህ፤ እርሱም የቃዲ እንጂ የተማሪ ሥራ አይደለም። ኡሳማ ኢብን ዘይድ በጦርነት ላይ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ያለውን ሰው ፈርቶ ነው ብሎ ገደለው። ነቢዩ «ልቡን ሰንጥቀህ አየኸው?» እያሉ ሲመላልሱበት፣ ምነው ዛሬ ገና በሰለምሁ እስኪል ድረስ ተጸጸተ። ስለዚህ ምላስህን ሰብስብ።

አሁን ለማንም ያልነገርሁትን ልንገርህ።

በ1985 ዓ.ም. ከጂዳ ስመለስ እንዳንተው ሆኜ ነበር የመጣሁት። አባቴ አንገቱ ላይ ክታብ ነበረው። በቆዳ የተሰፋ፣ ክሩ በላብ የጠቆረ። ጎረቤት ሁሉ «እንኳን ደህና መጣህ» ሊል ተሰብስቧል። እኔ ምላጭ አነሳሁና ክሩን በጠስሁት። «ክታብ ያንጠለጠለ አጋርቷል» የሚለውን ሐዲስ በዐረብኛ ጮክ ብዬ አነበብሁበትና ወደ ምድጃው ወረወርሁት። አባቴ አንገቱን በእጁ ይዞ ቀረ። እናቴ፣ ይቺው አያትህ፣ ከምድጃው አጠገብ ነበረች።

ቆዳው ሲሰነጠቅ ውስጡ ያለው ወረቀት ተገለጠ። በጉጠት አወጣሁት። ግማሹ ተቃጥሏል። የቀረው አያተል ኩርሲይ ነበር። «አላህ ከእርሱ በቀር አምላክ የለም፣ ሕያው ነው፣ ማንጎላጀትም እንቅልፍም አይዘውም።» ሌላ የጂን ስም፣ ሌላ ቁጥርና ሥዕል አልነበረበትም።

ከሶሓቦች ቁርኣን ብቻ የተጻፈበትን የፈቀደ እንዳለ ይነገራል፣ ኢብን መስዑድን የመሰሉ ግን ጠልተውታል። እኔም ዛሬ አላንጠለጥልም። ቆዳውን ስትለምደው ልብህ ወደ ቆዳው ይሄዳል፤ ባለቤቱ ይረሳል። ግን አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር። «ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀኝ። እፍረቱ ያዘኝና «ምንም አይልም» አልሁት።

ልጄ፣ ምንም አይልም አልሁት! አንገቱ ላይ ሲያዞረው የኖረውን ባነብለት፣ «የሚጠብቅህ ቆዳው አይደለም፣ በውስጡ ስሙ የተጻፈው ነው» ብለው፣ በገዛ እጁ ይፈታው ነበር። በስድስተኛው ወር ሞተ። አላነበብሁለትም።

እናቴ ስለዚያ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። አሁን አንተ ደገምህባት።

የቴሌግራሙን ጽሑፍ ዛሬውኑ አጥፋው። ነቢዩ ለሰሓቦቻቸው አብዝተው የፈሩላቸው ትንሹን ሺርክ ነው፤ ሪያእ፣ ለሰው ታይታ ተብሎ የሚሠራ ዒባዳ። የአያትህን ሺርክ ለማሳየት ስትጽፍ ስንት ሰው እንዳየው ስንት ጊዜ ከፍተህ ቆጠርህ? ይሄን ለራስህ መልስ፣ ለእኔ አትመልስልኝ።

ጁሙዓ ከዐስር ሰላት በኋላ ደውልላት። በእህትህ ስልክ ደውል፣ የእርሷ ባትሪው አይቆይም። መጀመሪያ ግፊቷን ጠይቃት። ሺርክ የሚለውን ቃል አታንሳ። ይቅርታ በላት፣ ዱዓም አድርጊልኝ በላት። ስለ «ያ ሸህ» ለክረምቱ ስትመጣ፣ እግሯን እያጠብህ፣ «እማዬ፣ ያ አላህ ብትይ አይቀርብም?» በላት። ትሰማሃለች፤ እኔን የማትሰማኝን አንተን ትሰማሃለች።

አምስት መቶ ብር በሹፌሩ ልኬያለሁ። በርበሬውም አብሮ አለ፣ ቋጠሮውን ስትፈታ ተጠንቀቅ። ጃኬትህን ረስተህ ሄደሃል፤ እርሱንም ያጠፈችው እርሷ ናት።

አባትህ