የፊዚክስ ክበብ ዘገባ፦ እየዞረ ወደፊት የሚሄደው ኤሌክትሮን

የፊዚክስ ክበባችን ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ነው የከረመው። ኤሌክትሮን ወደ ማግኔታዊ መስክ በሰያፍ ቢገባ የት ይሄዳል?

ክፍል ውስጥ ሁለቱን ጫፎች በደንብ እንሠራቸዋለን። ኤሌክትሮኑ መስኩን በ90 ዲግሪ አቋርጦ ከገባ ክብ ይሠራል። ከመስኩ ጋር ትይዩ ሆኖ ከገባ ደግሞ ምንም ኃይል አይነካውም፣ ቀጥ ብሎ ያልፋል። በሰያፍ ሲገባ ግን «ጥምዝምዝ መንገድ ይይዛል» ብለን አንድ ሥዕል አሳይተን እናልፋለን። ሰዓቱ አይበቃማ። የክበብ ጥቅሙ ደግሞ ሰዓት መኖሩ ነው።

የመጀመሪያው ሥራችን ፍጥነቱን ለሁለት መክፈል ነበር። አንዱ ከመስኩ ጋር ትይዩ የሆነው ነው፤ ሌላው መስኩን በ90 ዲግሪ የሚያቋርጠው። ማግኔታዊ ኃይል የሚሠራው በሁለተኛው ላይ ብቻ ነው። የኃይሉ አቅጣጫም ሁልጊዜ ከመስኩ ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል። ስለዚህ በመስኩ አቅጣጫ የሚገፋም የሚጎትትም የለም።

እዚህ ላይ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የሚገፋው ከሌለ ታዲያ ለምን ወደፊት ይሄዳል?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። መልሱን ያገኘው ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ ነው። የሚገፋው ስለሌለ ነው ያንኑ ፍጥነት ይዞ የሚቀጥለው፤ የኒውተን የመጀመሪያው ሕግ ማለት ነው። በጎን በኩል እየዞረ፣ በፊት በኩል ደግሞ በማይለወጥ ፍጥነት ይጓዛል። ሁለቱ ሲደመሩ የእስክሪብቶ ስፕሪንግ የመሰለ መንገድ ይወጣል።

ከዚያ ሦስት ቀመሮች ሰሌዳው ላይ ጻፍን። m የኤሌክትሮኑ መጠነ ቁስ፣ q የቻርጁ መጠን፣ v ፍጥነቱ፣ B የመስኩ ጥንካሬ ነው። θ በፍጥነቱና በመስኩ መካከል ያለው ማዕዘን ነው።

T = 2πm / (qB)
r = mv sinθ / (qB)
h = 2πmv cosθ / (qB)

T አንድ ዙር የሚፈጀው ጊዜ ነው። r የዙሩ ራዲየስ ነው። h ደግሞ ኤሌክትሮኑ አንድ ዙር ሲጨርስ ወደፊት የተጓዘው ርቀት ነው። ተማሪዎቹን በጣም የገረማቸው የመጀመሪያው ነው፤ T ውስጥ ፍጥነትም ማዕዘንም የለም። ፈጣኑ ሰፊ ክብ ይዞራል፣ ቀርፋፋው ጠባብ ክብ ይዞራል፣ ሁለቱም ግን እኩል ይጨርሳሉ። የዓመቱ ሥራችን ሁሉ ከዚህ የወጣ ነው።

ቁጥር አስገብተን ለማየት የራሳችንን ሰማይ ወሰድን። አዲስ አበባ ያለችው ከምድር ማግኔታዊ ወገብ አጠገብ ነው። ስለዚህ የምድር ማግኔታዊ መስክ እዚህ ወደ መሬት አይዘቀዝቅም፤ አግድም ተኝቶ ወደ ሰሜን ያመለክታል ማለት ይቻላል። ጥንካሬው ወደ 36 ማይክሮቴስላ ነው። በዚህ መስክ ውስጥ፣ አየር በሌለበት ቦታ፣ አንድ ኤሌክትሮን በሰከንድ 10 ሚሊዮን ሜትር ፍጥነትና በ60 ዲግሪ ማዕዘን ቢለቀቅ ምን ይሆናል? አንድ ዙር የሚፈጅበት አንድ ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው። ትይዩው ፍጥነት በሰከንድ 5 ሚሊዮን ሜትር ስለሆነ በእያንዳንዱ ዙር 5 ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይራመዳል። ራዲየሱ 1.4 ሜትር ገደማ ይወጣል። ስሌቱ ሲያልቅ ልጆቹ የክፍላችንን ርዝመት መለካት ጀመሩ፤ ሁለት ዙር እንኳ አይሞላም ነበር።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ይህንኑ መንገድ በኮምፒውተር ለመሳል ተነሳን። የኮምፒውተር ቡድኑ ፓይተን ላይ ቀላሉን መንገድ ተጠቀመ። በየትንሿ ጊዜ ኃይሉን አስልተው፣ ፍጥነቱ ላይ ደምረው፣ ቀጣዩን ቦታ ያገኛሉ። ሥዕሉ ሲወጣ ጥምዝምዙ እንደ መለከት አፍ እየሰፋ ሄደ። ቀመሩ ራዲየሱ አይለወጥም ይላል፤ ሥዕሉ ደግሞ ይሰፋል።

የትኛው እንደተሳሳተ ለማወቅ የሚያስችል አንድ መፈተኛ አለ። ማግኔታዊ ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ሁልጊዜ 90 ዲግሪ ስለሚሠራ ሥራ አይሠራም። የኤሌክትሮኑ የእንቅስቃሴ ጉልበት ቅንጣት ታህል መጨመር የለበትም። ፕሮግራሙ ግን ጨምሮ ተገኘ። አንዱን ዙር ለ100 ስትከፍሉት ይህ ዘዴ የጎን ፍጥነቱን በአንድ ዙር ብቻ 22 በመቶ ገደማ ያሳብጠዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ክቡን በቀጥታ መስመር እየነኩ መሄድ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ውጭ ያወጣል፣ ትንሽ ትንሹም ይጠራቀማል። የሚያታልለው ነገር ደግሞ h ደህና ሆኖ መታየቱ ነው፤ ትይዩው ፍጥነት ኃይል ስለማይነካው ስሕተቱ አይደርስበትም። የ h ን ልክ ብቻ ብናይ ኖሮ ፕሮግራሙ ትክክል ነው ብለን እናልፍ ነበር።

መፍትሔው ኃይል መደመሩን ትቶ የጎን ፍጥነቱን በየእርምጃው በቀጥታ ማዞር ነው። በ100 እርምጃ አንድ ዙር ከሆነ እያንዳንዱ እርምጃ 3.6 ዲግሪ ነው። የተዞረ ፍጥነት መጠኑ አይለወጥም። ሥዕሉም ተስተካከለ።

አሁን ወደ ዓመቱ ትልቁ ሥራ ልምጣ። T ከፍጥነትና ከማዕዘን ነፃ መሆኑ አንድ አስገራሚ ውጤት አለው። ከአንድ ነጥብ ተነስተው ትንሽ በትንሽ የተለያየ አቅጣጫ የያዙ ኤሌክትሮኖች ሁሉም በአንድ ጊዜ ዙራቸውን ይጨርሳሉ። የአንዱ ክብ ሰፊ፣ የሌላው ጠባብ ነው፤ ዙሩ ሲያልቅ ግን ሁሉም በተነሱበት የመስክ መስመር ላይ ይገኛሉ። ፍጥነታቸው እኩል ሆኖ ማዕዘኑ ትንሽ እስከሆነ ድረስ h ም ብዙ አይለያይም። በ5 ዲግሪ የሄደው በቀጥታ ከሄደው የሚያንሰው በ0.4 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የተበተነው ጨረር h ላይ ሲደርስ እንደገና አንድ ነጥብ ይሆናል።

ጀርመናዊው ሐንስ ቡሽ በዚህ ተጠቅሞ የኤሌክትሮን ቻርጅ ለመጠነ ቁሱ ያለውን ጥምርታ፣ e/m ን፣ የሚለካበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1922 አቀረበ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም አጭር የሽቦ ጥቅል ለኤሌክትሮን እንደ ሌንስ እንደሚሠራ በስሌት አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1931 ማክስ ክኖልና ኤርንስት ሩስካ የመጀመሪያውን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሠሩት በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ነው።

ለእኛ ከአገልግሎት የወጣ የኦሲሎስኮፕ ቱቦ በቃን፤ የኤሌክትሮን ጨረር ስክሪን ላይ ነጥብ አድርጎ የሚያሳይ ቱቦ ነው። 1000 ቮልት ሰጠነው። ከፍተኛውን ቮልቴጅ የያዝነው እኔና የላብራቶሪ ቴክኒሻኑ ብቻ ነን፤ ልጆቹ የያዙት ጥቅሉንና አምፔር መለኪያውን ነው። ይህን ሥራ የሚሞክር ሌላ ትምህርት ቤት ካለ እዚህ ላይ ቀልድ አያስፈልግም። ኃይሉ ከጠፋ በኋላም ካፓሲተሮቹ ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ።

ኦሲሎስኮፕ ቱቦውን የሚሸፍን የኒኬልና የብረት ቅይጥ ሽፋን አለው። እሱ ካልወለቀ ማግኔታዊ መስኩ ወደ ውስጥ አይገባም። ሽፋኑ ሲወልቅ የምድር መስክ ራሱ ይታያል። የቱቦውን ፊት ወደ ምሥራቅ ስናዞር ነጥቡ ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ምዕራብ ስናዞር ወደ ላይ ወጣ። በስሌት እያንዳንዱ 4 ሚሊሜትር ያህል ነው። ወደ ሰሜን ስናዞረው ግን የምድር መስክ ከጨረሩ ጋር ትይዩ ስለሚሆን አያጣምመውም። ስለዚህ ሙከራውን በሙሉ ቱቦውን በሰሜን-ደቡብ አስቀምጠን ሠራን።

ልጆቹ 30 ሴንቲሜትር ርዝመት ባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ 600 ዙር የመዳብ ሽቦ ጠመጠሙ። ቱቦው መሐሉ ገባ፤ ኃይሉ ከመኪና ባትሪ መጣ። በጎን ማጠፊያ ሳህኖቹ ላይ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ስንሰጥ ስክሪኑ ላይ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል አግድም መስመር ታየ። ሳህኖቹ የሚሰጡት የጎን ፍጥነት ብቻ ነው፤ ወደፊት ያለውን አይነኩትም። ስለዚህ የመስመሩ ኤሌክትሮኖች ሁሉ አንድ h አላቸው።

ከረንቱን ቀስ እያልን ስንጨምር መስመሩ መዞርና ማጠር ጀመረ። ወደ 0.95 አምፔር ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ኤሌክትሮኖቹ ግማሽ ዙር ሲደርሱ መስመሩ 90 ዲግሪ ይዞራል ብለን አስቀድመን አስልተን ነበርና ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። 1.9 አምፔር ላይ መስመሩ ተሰብስቦ አንድ ብሩህ ነጥብ ሆነ። አንድ ሙሉ ዙር ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ስሌቱ መጣ። ከሳህኖቹ መሐል እስከ ስክሪኑ 15 ሴንቲሜትር ነው፤ ይህ h ነው። V የሰጠነው ቮልቴጅ ሲሆን፣

e/m = 8π²V / (B²h²)

የጥቅሉን መስክ በተለመደው ቀመር፣ ጥቅሉ ማለቂያ የሌለው ይመስል፣ ስናሰላ በኪሎግራም 1.54 × 10¹¹ ኩሎምብ ወጣ። ትክክለኛው 1.76 × 10¹¹ ነው። ልዩነቱ ወደ 12 በመቶ ነው። አንዳንዶች አምፔር መለኪያውን ጠረጠሩ። የችግሩ ዋና ምንጭ ግን የጥቅሉ ርዝመት ነበር። 8 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው 30 ሴንቲሜትር ጥቅል ወደ ጫፎቹ መስኩ ይዳከማል። በኤሌክትሮኑ መንገድ ላይ አማካዩ ከቀመሩ 5 በመቶ ያንሳል። B በካሬ ስለሚገባ 5 በመቶው 10 በመቶ ይሆናል። ይህን ስናርም 1.70 × 10¹¹ አገኘን። የቀረውን 3 በመቶ ገደማ የ h አለካክ ብቻውን ሊያመጣው ይችላል። ኤሌክትሮኑ መዞር የሚጀምረው ከሳህኖቹ ከየትኛው ነጥብ እንደሆነ በትክክል ማስቀመጥ አይቻልም፤ 2 ሚሊሜትር መሳት ውጤቱን ወደ 3 በመቶ ያህል ያዛባል።

የመጨረሻው ፈተና ቮልቴጁን መቀየር ነበር። ወደ 800 ቮልት ስናወርደው ኤሌክትሮኖቹ ይዘገያሉ፣ በአንድ ዙር የሚራመዱት ርቀት ያጥራል፣ ነጥቡም ከስክሪኑ በፊት ይሰበሰባል። እንደገና ስክሪኑ ላይ ለማምጣት ከረንቱ በ0.8 ካሬ ሥር ልክ መቀነስ አለበት፤ 1.70 አምፔር ማለት ነው። አምፔር መለኪያውን የያዘችው ልጅ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ እንዳታይ ጀርባዋን አዙራ ተቀመጠች። ነጥቡ በጠራበት ጊዜ ያነበበችው 1.71 ነበር።