ልቤ ውልቅ አለ

ፍራንክፈርት፣ ኅዳር

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እናትሽስ እንዴት ናቸው? ከተጻጻፍን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። ቅያሜ ኖሮኝ አይደለም። መጀመሪያ ሥራ ወጠረኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ መዘግየቴ ራሱ አሳፈረኝ። ባፈርኩ ቁጥር ይበልጥ ዘገየሁ። ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ግን ለይቅርታ ብቻ አይደለም። ከአንቺ በቀር ከማንም ጋር አጣጥሜ የማላወራው ነገር አለኝ። ደብረ ማርቆስ ተቀምጠሽ አማርኛ የምታስተምሪ አንቺ ነሽና።

እንደምታውቂው እዚህ በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ቤት ነው። የሀገራችን ሰው ሲታመም በእሱና በሐኪሙ መካከል እቀመጣለሁ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እትዬ መጡ። ስማቸውንም ሐኪም ቤቱንም አልነግርሽም፤ ምስጢር ጠባቂ ነኝ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ነጠላቸውን በኮታቸው ላይ ጣል ያደረጉ ሴት ናቸው። ሐኪሙ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቃቸው። እሳቸውም በአንድ ትንፋሽ እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ልቤ ውልቅ ብሏል። እግሬ ቄጤማ ሆኗል። ምግቡም እጅ እጅ ይለኛል።»

አንቺ ብትሆኚ ወዲያው ትረጃቸዋለሽ። እኔም ተረድቻለሁ። ችግሩ አፌ ላይ ነበር። ስሠለጥን «የሰማሽውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ተናገሪ» ተብዬ ነበርና ቃል በቃል አቀበልኩት። ልባቸው ከቦታው ወልቋል፣ እግራቸው ሣር ሆኗል፣ ምግቡ እጅ ይሸታቸዋል አልኩ።

ሐኪሙ ልብ የሚለውን ሲሰማ ሌላውን ሁሉ ተወው። ደረታቸው ላይ ስድስት፣ እጅና እግራቸው ላይ አራት መለጠፊያ ተደርጎ የልብ ምት ተነሣ። ደህና ነው። ከዚያ ወደ እግር ዞረ፤ ጉልበታቸውን በትንሽ መዶሻ መታ፣ ይደነዝዝዎታል ወይ ብሎ ጠየቀ። የእጁን ነገር ጭራሽ አላነሣውም። በኋላ ስጠይቀው «የምግብ ቤት ንጽሕና ቅሬታ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

ዋናው ፍንጭ የነበረው ግን እሱ ነበር። ምግብ እጅ እጅ አላቸው ማለት የምግብ ፍላጎታቸው ተዘግቷል ማለት ነው። ለስንት ጊዜ? አራት ወር። ይህ የታወቀው በሁለተኛው ቀጠሮ ነው። ያኔ ደማቸው ሲመረመር ሄሞግሎቢናቸው 8 ሆኖ ተገኘ። ለሴት ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። ጉልበታቸውን የወሰደው እሱ ኖሯል። በእኔ ትርጉም የተነሣ ሦስት ሳምንት ዘገየ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ነው አካልን የሚጠራ አነጋገር ሁሉ ጆሮዬ ላይ የሚቆመው። «እጅ እጅ ይላል» የሚለውን ራሱን አስቢው። አንድን ስም ደግመን «ይላል» ስንል ሽታ ወይም ጣዕም መናገራችን ነው። ወጡ ጭስ ጭስ ይላል፣ ሻዩ ውሃ ውሃ ይላል። እጅ እጅ ሲል ደግሞ የራሱ ጣዕም ጠፍቶ እጅ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ከማዕድ ተነሥቶ ወደ ሕይወት ገባ፤ ሥራም፣ ወሬም፣ ሰውም እጅ እጅ ይላል። እኛ በእጃችን ስለምንበላ መሰልቸትንም በእጅ እንለካለን ብዬ አምናለሁ።

ጀርመኖች በአፍንጫ ነው። «ኢሽ ሀበ ዲ ናዘ ፎል» ይላሉ፤ አፍንጫዬ ሞልቷል። አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ አንድ ጠዋት ይህን ስትለኝ ጉንፋን መሰለኝ። ዝንጅብል ቀቅዬ አመጣሁላት። ጠጣችው። ከዚያ ኩባያውን እንደያዘች አለቀሰች። በቃኝ፣ ሥራውን ልተወው ነው ማለቷ ነበር። በእኛ አፍንጫ ሲሞላ ሌላ ነገር ነው። እስከ አፍንጫው የሚታጠቅ ወታደር ነው እንጂ ምሬት አፍንጫችን ድረስ አይመጣም።

እንዲህ ስል አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። እስራኤል ያለችው የአክስቴ ልጅ በዕብራይስጥም ሲመራቸው «ከአፍንጫዬ ወጣ» እንደሚሉ ነገረችኝ። ምንጩ ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ነው። እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሥጋ አማረን ብለው ሲያለቅሱ፣ በአፍንጫችሁ እስኪወጣ ድረስ ወር ሙሉ ትበላላችሁ ተባሉ። ይህ እኮ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱሳችንም አለ። ስንት ዘመን አንብበነዋል። ግን ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ገበያና ወደ ጓዳ አልወረደም። ቦታው በእጅ ተይዟል።

ራብ ላይ ስደርስ ደግሞ ልዩነቱ አቅጣጫ ይሆናል። ጀርመኑ በጣም ሲርበው ሆዱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሆዴ ከጉልበቴ በስተኋላ ተንጠልጥሏል ይላል። የፈረንሳዩ ይብሳል፤ ተረከዙ ውስጥ ነው የሚገባው። የእኛ ግን አይወርድም። ወደ ውስጥ ይገባል። ሆዴ ከጀርባዬ ተጣበቀ እንላለን። እዚህ ላይ ለእኛ አደላለሁ። የእነሱ ምሳ የዘገየበት ሰው አነጋገር ነው። የእኛ የተራበ ሰው በዓይን ታይቶ የተነገረ ነው። ሆድ ሲጎድል በእርግጥም ወደ ጀርባ ይገባልና።

አንጀትን ደግሞ ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩን ሲያስረዳ «እናቴ አንጀቷን አስራ ነው ያሳደገችኝ» አለ። ጸሐፊዋ ጽሑፉን አቁማ አየችኝ። አንጀት ማሰር ሲባል የቀዶ ሕክምና መስሏት ነበር። «ራሷ እየተራበች አበላችው» ብዬ ተረጎምኩ። ትርጉሙ ልክ ነው። ግን መቀነቱ ቀረ። ያንን የዐቢይ ጾም ታስታውሺዋለሽ? እናትሽ እኛን ካበሉ በኋላ ምድጃው ጎን ቆመው መቀነታቸውን ፈትተው እንደገና ሲጠመጥሙት፣ በሁለተኛው ዙር ትንፋሻቸውን ስበው ጥብቅ ሲያደርጉት አይተናል። እኛ ልጆች ነበርን፤ ለሥራ የሚዘጋጁ መስሎን ነበር።

አሁን እንዴት እንደምሠራ ልንገርሽ፤ ይህን አንቺም ለተማሪዎችሽ ልትነግሪያቸው ትችያለሽ። መጀመሪያ የማዳምጠው «ን» የምትባለዋን ፊደል ነው። ሰው በእርግጥ ሲያመው አካሉን ተጠቂ ያደርገዋል፦ ራሴን አመመኝ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ ወገቤን ያዘኝ። አነጋገር ሲሆን ግን አካሉ ራሱ አድራጊ ይሆናል፦ ልቤ ወለቀ፣ አንጀቴ ቆረጠ፣ ሆዴ ተጣበቀ። እትዬ «ልቤን» አላሉም። «ልቤ» ነው ያሉት። ያቺን ፊደል ያኔ ሰምቼ ቢሆን ኖሮ!

ይሁንና ፊደሏ ሁልጊዜ አትታመንም። «እግሬ አበጠ»፣ «ልቤ ይመታል» ሲሉም አካሉ አድራጊ ነው፤ ሁለቱም ግን እውነተኛ ሕመም ናቸው። በተቃራኒው «ጨጓራዬን ላጠው» የሚል ሰው ስለ ጨጓራ ሳይሆን ስለ አለቃው ወይም ስለ ልጁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እጠይቃለሁ። አስቀድሜ ለሐኪሙ «አስተርጓሚዋ ማብራሪያ መጠየቅ ትፈልጋለች» እላለሁ፤ በመካከላቸው እንዳላሾከሹክ ነው። ከዚያ ታማሚውን «የቱ ጋ እንደሆነ በእጅዎ ያሳዩኝ» እላለሁ። በአንድ ጣት አንድ ቦታ ከነኩ አካል ነው። መዳፋቸውን ከደረት እስከ እግር እያንሸራተቱ «እንዲያው ሁለመናዬ» ካሉ ድካም ነው።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይከብደኛል። ቃሉ አነጋገር መሆኑን ባውቅም ልብ የሚለውን አልደብቅም። የልብ ድካምም እኮ ሰውን ልቡን ያወልቀዋል፤ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፣ እግሩ ያብጣል። ስለዚህ «ልባቸውን ጠርተዋል፤ በአማርኛ ይህ በጣም ዛልኩ ማለት ነው» ብዬ ሁለቱንም አስቀምጣለሁ። መወሰን የሐኪሙ ነው።

እትዬ አሁን ደህና ናቸው። የብረት ኪኒን ለወራት ወሰዱ። ባለፈው ስንገናኝ «እንዴት ነዎት?» ብላቸው «ዛሬስ አንጀቴ ራሰ፣ ሽሮ ጣመኝ» አሉኝ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ፤ «አሁን ደግሞ አንጀታቸው ምን ሆነ?» አለ። ነገርኩት። በማስታወሻው ላይ «የምግብ ፍላጎት ተመልሷል» ብሎ ጻፈ።

እዚህ ሰው ሲደክመው በድዱ ይሄዳል። «አውፍ ዴም ጻንፍላይሽ» ይላሉ፤ እግር አልቆ፣ ጥርስ አልቆ፣ በድድ መራመድ። ሰምቼ ልጥለው የማልችለው አነጋገር ነው። ለእሱ የሚመጥን አማርኛ ፍለጋ ስንት ምሽት አሰብኩ። እግሬ ቄጤማ ሆነ ይቀርበዋል፤ ግን ቄጤማ ለስላሳ ነው፣ ድድ ደግሞ ያማል። እናንተ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች አረም ውለው ሲገቡ ምን ይላሉ? ወገቤ ተቆረጠ ብቻ ነው ወይስ እኔ የማላውቀው ሌላ አለ? ተማሪዎችሽ ከየቤታቸው ቢያመጡልሽ ጻፊልኝ።

እናትሽንም ጠይቂልኝ። መቀነቱን ሲያጠብቁ በከንፈራቸው አንድ ነገር ይሉ ነበር፤ አልሰማሁትም።

የአንቺው፣
እህትሽ