«ዘይቤውንስ አገኘሽው፤ ምን አደረገሽ?» የሥነ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የሥነ ጽሑፍ ክበባችን ዘንድሮም እንደ ወትሮው ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሲሰበሰብ ከረመ። በመስከረም አባላት ተመዘገቡ፤ አመራር ተመረጠ። ለባንዲራ ቀን ግጥም አቀረብን። ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ጋር ተጋግዘን የግድግዳ መጽሔት አወጣን። ዝርዝሩ በቃለ ጉባኤያችን ላይ ስላለ አላንዛዛውም። ማውራት የምፈልገው ዓመቱን ሙሉ ስለታገልንበት አንድ ጉዳይ ነው።

ልጆቻችን ዘይቤ ለይቶ መጥራት አይቸግራቸውም። ተነጻጻሪው፣ ተለዋጩ፣ ሰውኛው፣ ግነቱ፣ ምጸቱ በቃላቸው ነው። ምስጋናው ለአማርኛ መምህራኖቻችን ይሁን። ስለ አንድ ግጥም ጻፉ ሲባሉ ግን ስሞቹን ደርድረው ያቆማሉ። ዘይቤው አንባቢውን ምን እንዳደረገው ወረቀቱ ላይ አይገኝም።

ምሳሌ ልስጥ። በኅዳር አካባቢ ሁላችንም የምናውቀውን ይህን ቃል ግጥም ሰጠኋቸው። ከቦታ ቦታ ቃሉ ትንሽ ይለያያል፤ እኛ የሠራነው በዚህኛው ነው፦

የምን ጥቅም ጠላ፣ የምን ጥቅም ጠጅ፣
ጠላት ሲሸኙ ቡና አድርገው እንጂ።

አንዲት የ11ኛ ክፍል አባላችን የሚከተለውን ጻፈች። በእሷ ፈቃድ እንዳለ አስፍሬዋለሁ።

«ይህ ቃል ግጥም በብዙ የሥነ ጽሑፍ ስልቶች የተዋበ ነው። በመጀመሪያ ድግግሞሽ አለ። በተጨማሪም ቤት ይመታል። የ‹ጠ› ድምፅም ተደጋግሟል። ከዚህ ሌላ ሰምና ወርቅ ይገኝበታል። እነዚህ ስልቶች ለግጥሙ ውበት ሰጥተውታል፤ የአንባቢንም ስሜት ይስባሉ።»

ስህተት የለበትም። ያለችው ሁሉ ግጥሙ ውስጥ አለ። ቢሆንም እጄን ግጥሙ ላይ ጫን አድርጌ ሸፈንኩትና «አሁን ይህ ጽሑፍ ስለ የትኛው ግጥም ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ዝም አለች። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለሙሾም ይሆናል፣ ለሠርግ ዘፈንም ይሆናል፣ ለፉከራም ይሆናል። «ውበት ሰጥቶታል»፣ «ስሜት ይስባል»፣ «መልእክቱን አጠናክሯል» የሚሉት ሐረጎች በየትኛውም ግጥም ሥር ቢለጠፉ አይወድቁም። ችግሩ የሚታወቀውም በዚህ ነው። ግጥሙን ሸፍኑት፤ ጽሑፉ ለሌላ ግጥምም የሚሆን ከሆነ ገና አልተጻፈም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች «ለፈተና ምን ይጠቅማቸዋል? የ12ኛ ክፍሉ ፈተና ምርጫ ነው፤ ዘይቤውን ለይተው ካጠቆሩ በቂ ነው» እንደሚሉ አውቃለሁ። በመምህራን ክፍልም ሰምቼዋለሁ። ምርጫ መሆኑ እውነት ነው። እነዚሁ ልጆች ግን በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተንትናችሁ ጻፉ ይባላሉ። ያን ቀን የሚያጠቁሩት ክብ አያገኙም።

ወደ ረቂቁ ልመለስ። በመጀመሪያ ያደረግነው መቀነስ ነበር። ከአራቱ ስልቶች ግጥሙ ያለ እሱ የማይቆመው የትኛው ነው? በዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። ቤት መምታቱን የመረጡ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ሙከራ ሠራን። ሁለተኛውን ስንኝ እንዲህ ብለን ለወጥነው፦ «ጠላት ሲሸኙ ደምስሰው እንጂ።»

ቤቱ እንደ ቀድሞው ይመታል። ድግግሞሹ አልተነካም። የ«ጠ» ድምፅም በቦታው ነው። የግጥሙ ወርቅ፣ ማለትም «ጠላትህን እንደ አቧራ ቡን አድርገህ በትነው» የሚለው ሐሳብ፣ እንዲያውም በግልጽ ወጣ። ሆኖም ግጥሙ ሞተ። ማንም ፈገግ አላለም። ለምን? ብዬ ስጠይቅ መልሱ የመጣው ከዚያችው ልጅ ነው። «መምህር፣ አሁን እኮ ነገረን። ቅድም ግን ራሳችን ነበርን ያገኘነው» አለች።

ይህን መልስ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ረቂቁ ያጣው ይህንኑ ነበር። ስልቱ ለአድማጩ ሥራ ይሰጠዋል፤ እኛ ደግሞ የተሰጠውን ሥራ መናገር አለብን።

ማግኘቱ እንዴት እንደሚሆን ግን ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ልናየው አልቻልንም። ሁላችንም መልሱን አውቀነዋል። ያወቁት ቅኔ ደግሞ ሁለተኛ አያስደነግጥም። ስለዚህ በየካቲት አንድ ቅዳሜ በእግራችን ወደ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሄድን። መኪና ጠይቀን አልተገኘም። ቡናና ስኳር አባላቱ ከየቤታቸው አመጡ።

ቡናው ሲፈላ ልጅቷ ተነሥታ ግጥሙን አለች። አረጋውያኑ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ጎሽ» አሉ፤ በዚያው አለፈ። ልጅቷ ቅር አላት። አንዲት እናት ግን «በይ እስቲ ድገሚው የኔ ልጅ፤ ነገር አለበት መሰለኝ» አሏት። በዚህ መካከል ጠጋ ብዬ አንድ ነገር ብቻ ነገርኳት። ስታነበው «ቡን» ላይ ቆም ብላ ነበር። እዚያ ላይ ሲቆም ወርቁ ያለ ጊዜው ይወጣል፤ «ቡን አድርገው» ሆኖ ይሰማል።  ሳትቆም፣ «ቡና አድርገው» የሚለውን አፏ ውስጥ አያይዛ እንድትለው ነገርኳት።

ደገመችው። ጸጥ አሉ። እኚያ እናት ስኒያቸውን ወደ አፋቸው ሊያደርሱ ሲሉ ቆም አደረጉት። «ለጠላትማ ማን ቡና ያፈላለታል!» አሉና ድንገት መሳቅ ጀመሩ። ቡናው ነጠላቸው ላይ እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ አጠገባቸው ላሉት አባት አስረዷቸው፤ እሳቸውም ሳቁ። ልጅቷ ዓይኗን ከእናትየዋ ፊት አልነቀለችም። ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ የጻፈችውን በኋላ አሳየችኝ፦ «መጀመሪያ ቆመች። ቀጥሎ ጠየቀች። ከዚያ ሳቀች።» እውነቱን ለመናገር በመምህርነት ዘመኔ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

በሳምንቱ ረቂቁ እንደ አዲስ ተጻፈ። ትእዛዙ አንድ ነበር። የስልቱን ስም ሳትጠሪ፣ አድማጩ ቃል በቃል ሲከተል ምን እንደሚያስብ ጻፊ። ስሙ መጨረሻ ላይ ይገባል። እነሆ፦

«ግጥሙ ሁለት ጊዜ ‹የምን ጥቅም› እያለ ጠላንና ጠጅን ሲመልስ፣ አድማጩ ከእነሱ የሚበልጥ መስተንግዶ ይጠብቃል። ‹ጠላት› ሲባል ግራ ይጋባል። ቡና ሲባል ደግሞ ይበልጥ ግራ ይገባዋል፤ ጠላትን አክብሮ መሸኘት ነው እንዴ? ብሎ ይጠይቃል። መልስ ፍለጋ ቃሉን በጆሮው ሲመልሰው ቡናው አቧራ ሆኖ ይበተንበታል። ‹በትነው› ያለው ገጣሚው አይደለም፤ አድማጩ ራሱ ነው። ሲስቅም በነገሩ ተባባሪ ሆኗል። ሰምና ወርቁ የሠራው ይህን ነው።»

ከሁለቱ የትኛው ግጥሙን እንዳነበበ ለእናንተ ልተው። ልብ በሉ፣ በአዲሱ ጽሑፍ ውስጥ ቤት መምታት አልተነሣም። ድግግሞሹ ደግሞ ለሰሙ መንገድ የሚጠርግ ሆኖ ገባ እንጂ ለብቻው አልተቆጠረም።

ሌላው ጥግም አለ። ነገሩ ከገባቸው በኋላ አንዳንዶቹ ለሁሉም ስልት ውጤት መፍጠር ጀመሩ። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ «የ‹ጠ› ድምፅ መደጋገም የጦርነት ድምፅ ያሰማል» ብሎ ጻፈ። ጓደኞቹ «ጤፍ»፣ «ጤና»፣ «ጠዋት» የሚሉትን ቃላት አቀረቡለት። በእነዚህ ውስጥ ጦርነት የታለ? ድምፅ ብቻውን ትርጉም አይወልድም፤ ቃሉ ከሚለው ጋር ሲገጥም ነው ሥራ የሚሠራው። ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። ግጥሙን ደጋግሞ ካለው በኋላ «‹ጠላ› እኮ ‹ጠላት› ውስጥ አለ» ብሎ መጣ። ጆሮ ገና የመጠጡን ስም እንደሰማ፣ ያው ድምፅ «ላ»ው ላልቶ፣ አንድ ፊደል ጨምሮ ጠላት ይሆናል። ግብዣውና ጠቡ በአንድ ድምፅ ተያያዙ። ይሄኛው ጣት ሊጠቆምበት ይችላልና ተቀበልነው። ከዚያ ወዲህ ደንባችን ይህ ሆኗል፦ ውጤት የጻፈ ሰው ያን ውጤት ያመጣውን ቃል ያሳያል። ካላሳየ ይሰርዛል።

ያልተሳካልንም አለ። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ከትምህርት ቤታችን ውጭ በተካሄደ ውድድር ተሳትፈን ቦታ አላገኘንም። ነጥብ የሚሰጠው በተገኘው ዘይቤ ብዛት ነበር። ልጆቻችን አንዱን ይዘው ሲያብራሩ ሌሎቹ ሰባት ስምንት ቆጥረው ወሰዱ። አባሎቻችን አዘኑ፤ እኔም አዘንኩ። ጥቂቶች «መቁጠሩ ይሻለናል» ብለው ክበቡን ለቀቁ። የቀሩት ግን በሰኔ የግድግዳ መጽሔት ላይ የሰቀሉትን ሄዳችሁ አንብቡት። ከቤተ መጻሕፍቱ በር በስተግራ ነው።

ስለ ቤተ መጻሕፍት ካነሣሁ አይቀር፣ ትምህርት ሲያልቅ ይዘጋል። ክበባችን ደግሞ የሚጀምረው ትምህርት ሲያልቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ መዝገበ ቃላት ያየነው በምሳ ሰዓት በሽሚያ ነው። ረቂቅ ደግሞ ወረቀት ይበላል። ከላይ ያነበባችሁት አንድ አንቀጽ ደጋግሞ ተጽፏል፤ በየጊዜው ለሁሉም አባል ኮፒ ያስፈልገዋል። ስፖርት ክበባችን ኳስ ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ ደስም ይለናል። ጽሑፍም ያለ ወረቀት አይሆንም።

ስለዚህ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በክረምት የክበባትን በጀት ሲይዝ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ በመንፈቀ ዓመት ሦስት ደስጣ ወረቀት፣ ሐሙስ ብቻ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ 11:30 ክፍት እንዲሆን፣ ለአንድ ቅዳሜ ጉዞ ደግሞ የአንድ ሚኒባስ ኪራይ። ወላጆችም ብትሆኑ፣ ቤታችሁ አያት ወይም አረጋዊ ጎረቤት ካለና ቃል ግጥም የሚያውቅ ከሆነ፣ በመስከረም ምዝገባ ቀን ለክበቡ ተጠሪ ስሙን አስመዝግቡልን። ቡናውን እኛ ይዘን እንመጣለን።