እንቁላሌ ከተወሰደ በኋላ ሆዴ ሲያብጥ «ጨጓራ ነው» ተባልኩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጭ ተዋህደው ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ስለሚገባበት ሕክምና፣ ስለ አይ.ቪ.ኤፍ ሲወራ ሰው የሚጠይቀው «ተሳካ ወይ?» እና «ስንት ወጣ?» ብሎ ነው። እኔ የምጽፍላችሁ እንቁላል ከተወሰደ በኋላ ስላለው አንድ ሳምንት ነው። ለእኔ ከሁሉም የከበደው እሱ ነበር፣ ማንም ግን አላስጠነቀቀኝም።

ያኔ 29 ዓመቴ ነበር። ፒ.ሲ.ኦ.ኤስ አለብኝ፤ የእንቁላል እጢዎቼ በትንንሽ ከረጢቶች የተሞሉ ናቸው፣ እንቁላል ግን በየወሩ አይለቁም። መጀመሪያ የሞከርነው ሌትሮዞል የሚባለውን ክኒን ነበር። የወር አበባ በመጣ በ3ኛው ቀን ተጀምሮ ለ5 ቀን ይዋጣል። የሚፈለገው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት እንቁላል አድጎ እንዲለቀቅ ነው፤ ሌላው በተፈጥሮ መንገድ ይሄዳል። ብዙ ሴቶች በዚህ ያረግዛሉ። እኔ አልሆነልኝም።

አይ.ቪ.ኤፍ ከዚህ የሚለየው ብዙ እንቁላል በአንድ ጊዜ መፈለጉ ነው። እንቁላል የሚያሳድገውን ሆርሞን በየቀኑ ሆዴ ላይ እወጋ ነበር። በየሁለት በሦስት ቀኑ እንቁላሎቹ የሚያድጉባቸው ከረጢቶች በአልትራሳውንድ ይለካሉ። ትልልቆቹ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርሱ፣ እንቁላሎቹን የሚያበስለው የመጨረሻ መርፌ በሰዓቱ ተሰጠኝ። ኤች.ሲ.ጂ የሚባለው ነው። ከ36 ሰዓት በኋላ አስተኝተውኝ በመርፌ 22 እንቁላል አወጡ።

22 ሲሉኝ በደስታ አለቀስኩ። ቁጥሩ ግን በየደረጃው ይቀንሳል። የበሰሉት 17 ነበሩ። ከባለቤቴ ዘር ጋር ተዋህደው የዳበሩት 12፣ እስከ 5ኛው ቀን የደረሱት ፅንሶች 5 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ስንቱ ልጅ ይሆናል የሚለውን በዋናነት የሚወስነው እንቁላሉ የተወሰደበት ዕድሜ ነው። ከ35 በኋላ ዕድሉ ይቀንሳል፣ ከ40 በኋላ ደግሞ በጣም ይወርዳል። የእንቁላሉ መብዛት ይጠቅማል፣ ግን ዕድሜን አይተካም። በዚያ ላይ የራሱ አደጋ አለው።

በሁለተኛው ቀን ሆዴ መወጠር ጀመረ። በአምስተኛው ቀን ፅንስ ሊያስገቡልኝ ስሄድ ነገርኳቸው፤ «ያለ ነው» አሉኝ። አንድ ፅንስ አስገቡልኝና በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ደሴ ገባሁ። ማታ ቀሚሴ አልዘጋ አለ። እናቴ «ኧረ ልጄ፣ የስምንት ወር እርጉዝ መሰልሽ!» አለችኝ። ጠዋት ሚዛን ላይ ስወጣ 64 ኪሎ ነበርኩ። እንቁላል የተወሰደ ቀን 58 ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ሽንት የሸናሁት አንዴ ነው፤ እሱም ጥቂትና የጠቆረ። ስተኛ ያፍነኛል።

አቅራቢያዬ ያለ ክሊኒክ የጨጓራ መድኃኒትና ውሃ የሚያስሸና ክኒን ሰጠኝ። ክኒኑን አለመዋጤ በጀኝ። አዲስ አበባ ተመልሼ የተኛሁበት ሆስፒታል ሐኪም ያስረዳኝ እንዲህ ነው። የእንቁላል እጢዎች ከልክ በላይ ሲነቃቁና ኤች.ሲ.ጂ ሲጨመርበት፣ የደም ሥሮች ፈሳሽ እንዲያሳልፉ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ይለቃሉ። የደሙ ውሃ ከደም ሥር ወጥቶ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ሰውነት ያበጠ ይመስላል፣ ደም ሥር ውስጥ ግን ውሃ ያጥራል፤ ደሙም ይወፍራል። የሚያስሸናው ክኒን ይህንኑ ውሃ ስለሚቀንስ ያባብሰዋል። የወፈረ ደም ይረጋል፣ የረጋው ደግሞ ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። ስለዚህ ደም የሚያቀጥን መርፌ ወጉኝ፣ ከሆዴም 2 ሊትር ፈሳሽ ቀዱ። 6 ቀን ተኛሁ።

ፅንሱ አልያዘም። ቢይዝ ኖሮ እርግዝናው ራሱ ኤች.ሲ.ጂ ስለሚያመነጭ ሕመሙ ይረዝም ነበር።

ቀለል ያለ እብጠት ብዙ ሴቶችን ያጋጥማል፤ በራሱም ይጠፋል። ከባዱ የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው፣ ማን እንደሆኑ ግን ቀድሞ መገመት ይቻላል። ወጣት፣ ፒ.ሲ.ኦ.ኤስ ያለባት፣ በደም ምርመራ ኤ.ኤም.ኤች የሚባለው ሆርሞኗ ከፍ ያለ፣ ብዙ ከረጢት ያደገላት ሴት ናት። እኔ አራቱንም ነበርኩ። ለእንደዚህ ዓይነቷ ሴት ሐኪሙ የሆርሞኑን መጠን ዝቅ አድርጎ ይጀምራል። በኤች.ሲ.ጂ ፈንታ ሰውነት የራሱን ማብሰያ ሆርሞን ለአጭር ጊዜ እንዲለቅ የሚያደርግ ሌላ መርፌ መስጠትም ይቻላል። ፅንሶቹን ሁሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ፣ ሰውነቷ ሲረጋጋ ከወር ከሁለት ወር በኋላ ማስገባት ደግሞ አለ። አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። የእኔ ቀሪዎቹ 4 ፅንሶች ያን ጊዜም በማቀዝቀዣ ነበሩ፤ አምስተኛውንም አብሮ ማቆየት ይቻል ነበር።

እንቁላል የሚያወጡ ክሊኒኮችን የምለምነው አንድ ወረቀት ነው። ብዙዎቻችን ከክፍለ ሀገር መጥተን ወዲያው እንመለሳለን፤ የሚቀበለን የጤና ባለሙያ ይህን ሕመም አይቶት ላያውቅ ይችላል። ወረቀቱ ላይ እንቁላል የተወሰደበት ቀን፣ የተሰጠው የመጨረሻ መርፌ ዓይነትና ሌሊትም የሚነሳ ስልክ ይኑር። ከሥሩም ይህ ይጻፍበት፦ «በየጠዋቱ ተመዘኚ። በአንድ ቀን ከ1 ኪሎ በላይ ከጨመርሽ፣ ሽንትሽ ከቀነሰ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም አንድ እግርሽ ካበጠና ካመመሽ፣ እስኪነጋ አትጠብቂ።»

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከደሴ