ሳታስተረጉሚ እንዳትፈርሚ

ይድረስ ለልጄ ለሰናይት፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባትሽ ወገቡን እያመመው ታንኳውን አልተወም። ይህን ደብዳቤ አጎትሽ ሌሊት በሚነሣው አውቶቡስ ይዞልሽ ይመጣል። በስልክ ብነግርሽ «እሺ እማዬ፣ እሺ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ፤ ወረቀት ግን ደግመሽ ታነቢዋለሽ ብዬ ነው። ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ሐሙስ ኤጀንሲው ዘንድ ስትሄጂ፣ የሳዑዲውን የሥራ ውል ሳታስተረጉሚ እንዳትፈርሚ።

የውሉን ፎቶ የላክሽልኝ ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ቀረሶ ስበልት ነበር። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ከፈትኩት። ሦስት ገጽ ዐረብኛ። እናትሽ ጅዳ አራት ዓመት ኖራ ስታበቃ ዐረብኛ ታወራለች እንጂ አታነብም፤ ይህን ታውቂያለሽ። ወንድምሽ ዮናስ የስልኩን መተርጎሚያ ከፈተልኝና አምስተኛው አንቀጽ ላይ እንዲህ የሚል አወጣ፦ «የልምድ ጊዜው 90 ቀን ነው። ሥራ ከተቋረጠ የመመለሻ ትኬቱን ይሸፍናል።» ዮናስ ደስ አለው። «ይሸፍናል ይላል፣ አሠሪው ነው» አለኝ። እኔ ግን ሆዴ አልተቀበለውም። «የልምድ ጊዜ» ማለት ምንድን ነው? ዐረቦቹ «ተጅሪባ» የሚሉት ልምድም ነው፣ ሙከራም ነው። ስልኩ «ልምድ» ብሎታል፤ ነገሩ ግን የሙከራ ጊዜ ነው። በሳዑዲ የቤት ሠራተኛ ሙከራ ከ90 ቀን አያልፍም፣ እሱስ ልክ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብትመለሺ ትኬቱን ማን ይከፍላል የሚለው ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ከሰዓት በኋላ ፎቶውን ለሰፈራችን ሼህ አሳየኋቸው። ቁርኣን የሚያቀሩ ሰው ናቸው፤ ፊደሉን ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ እዚህ ሰፈር የለም። መነጽራቸውን አውጥተው ስልኩን አስጠግተው ብዙ ቆዩ። ከዚያ «እናት፣ ይህ ቃል ነጥቡ አይታየኝም» አሉኝ። አስረዱኝ። በእኛ «ይሸከማል» እና «ትሸከማለች» ሲባል ከፊት «ይ» እና «ት» እንደሚለያያቸው፣ በዐረብኛም ያው ነው፤ «የተሐመል» ካለ እሱ ይሸከማል፣ «ተተሐመል» ካለ እሷ ትሸከማለች። በጽሑፍ ግን ልዩነቱ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። ከመጀመሪያዋ ጥርስ ሥር ከሆነ እሱ፣ ከላይ ከሆነ እሷ። ፎቶሽ ላይ ደግሞ ያቺ ቦታ ደብዝዛለች። እኔ ከላይ አንድ ነጥብ አየሁ ብዬ ብጮህ የዓሣ ቅርፊት ኖሯል፣ መስተዋቱ ላይ ተለጥፎ። በጥፍሬ ስፍቀው ነጥቡም አብሮ ሄደ። ልጄ፣ የአውሮፕላን ትኬትሽ በቅርፊት መጠን ባለ ነገር ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እንዳነበብሽ ገጾቹን እንደገና አንሺልኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጊ፣ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን፣ ፍላሽ አጥፍተሽ። ስልኩን አታጋድሚው፤ ቀጥ አድርገሽ ከላይ ያዢው። አንድ ገጽ በአንድ ፎቶ፣ አራቱም ጠርዝ ይታይ፣ ጀርባውንም ጨምሪ። በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ነጥቦቹ ይጠፋሉ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ወይም ማኅተም ያረፈበት ነገር ካለ ቀርበሽ ለብቻው አንሺው። ስልኩ የእጅ ጽሑፍ ላይ ይሳሳታል ወይም ዘሎት ያልፋል፤ ያልተዋዋልነው ነገር የሚገባው ደግሞ በእጅ ጽሑፍ ነው።

ደመወዙንም በአኃዙ ብቻ አትመኚው። የእነሱ ዜሮ ነጥብ ናት፣ አምስታቸው ደግሞ የእኛን ዜሮ ትመስላለች። ከአኃዙ ጎን በፊደል የተጻፈውን አስነብቢ፤ አንድ ሺህ ከሆነ «አልፍ ሪያል» ይላል፣ ብዙ ጊዜም መጨረሻው «ፈቀጥ ላ ገይር» ነው፣ ይህ ብቻ ሌላ የለም ማለት ነው። ይህን ያህሉን ሼሁም ሆኑ ዐረብኛ የሚያነብ ጎረቤት ይነግሩሻል፤ ለዚህ ጠበቃ አያስፈልግሽም።

ሰኞ ዕለት ፍርድ ቤቱ አካባቢ ወዳለ ትርጉም ቤት ወሰድኩት። እነሱም ዐረብኛውን አዲስ አበባ ላለ ባልደረባቸው ልከው አስተረጎሙልኝ። ሰውዬው በስልክ አነጋገረኝ። ስለ አምስተኛው አንቀጽ ያለኝን ልብ ብለሽ አንብቢ። ነጥቡ ቢታይ እንኳ በቂ አይደለም አለ። ውሉ በአንዳንድ ቦታ «ሠራተኛዋ» ይላል፣ በአንዳንድ ቦታ «ሁለተኛ ወገን» ይላል። «ወገን» ለእነሱ «ጠረፍ» ነው፣ ቃሉ ተባዕት ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ወገን አንቺ ሆነሽ ሳለ ግሡ «ይሸከማል» ብሎ ይመጣል። ዮናስ «ይሸፍናል ይላል፣ አሠሪው ነው» ያለው እዚያ ላይ ይወድቃል። ስልኩም አድራጊው ያልተጠቀሰ ሲሆን ከራሱ ገምቶ ያስቀምጣል።

እሱ አንቀጹን ከላይ ከነበረው ጋር አያይዞ ሲያነበው እንዲህ ሆነ፦ በሙከራው ጊዜ «ዱነ ሰበብ መሽሩዕ» ሥራ እምቢ ካልሽ ትኬቱን አንቺ ትሸከሚያለሽ። እኔ «ሰበብ» ሲል ሰምቼ የእኛው ሰበብ መሰለኝ፣ ማመካኛ። አይደለም፤ በዐረብኛ ምክንያት ማለት ነው። «ያለ ሕጋዊ ምክንያት» ነው የሚለው። ታዲያ ቢመቱሽ፣ ደመወዝ ቢከለክሉሽ፣ ሕጋዊ ምክንያት ነው ወይ? ማንስ ነው የሚወስነው? ተርጓሚው «እኔ ቃሉን ነው የምነግርዎት፣ ይህን የሕግ ሰው ይጠይቁ» አለኝ። ድንበሩን የሚያውቅ ሰው ነው፣ አከበርኩት።

አንዲት ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ያለችኝ ይህ ነው። በአገራችን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ የደርሶ መልስ መጓጓዣውንም የቪዛውንም ወጪ የሚችለው አሠሪው ነው። ውሉንም የሚያጸድቀው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ስለዚህ አንቺ የላክሽው ወረቀት ያ የጸደቀው ውል ነው ወይስ ከጎኑ የተጨመረ ሌላ? ሁለቱን ጎን ለጎን ሳታይ አስተያየት አልሰጥም አለች። ኤጀንሲውን የጸደቀውን ቅጂ ጠይቂ። በእጅሽ ይስጡሽ። «በኋላ» ካሉሽ አትፈርሚ።

አሁን ሦስተኛው ገጽ። እዚህ ላይ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ከታች በእስክሪብቶ የተጨመረ አንድ መስመር አለ። ሼሁ ሲያነቡት «ተተናዘል» የሚል ቃል ጆሮዬ ገባ። እኔ ደስ አለኝ! ጅዳ ሳለን «ተናዙል» ስንል ከአንዱ አሠሪ ወደ ሌላው መዛወር ነው፤ «ተናዙል ሰጡኝ» ያለች እኅት እልል ይባልላት ነበር። እንግዲህ ቤቱ ባይመቻት መዛወር ትችላለች ብዬ አመሰገንኩ። ተርጓሚው ግን ቀጥሎ ያለውን ቃል እይው አለኝ። «ዐን» የምትል ትንሽ ቃል ተከትላዋለች። «ተተናዘል ዐን» ሲሆን ትተዋለች፣ መብቷን ትለቃለች ማለት ነው። መስመሩ «ሠራተኛዋ ማንኛውንም ጥያቄ ማቅረብን ትተዋለች» ነው የሚለው። እኔ በር ተከፈተላት ያልኩት በር መዝጊያ ኖሯል።

ሰናይት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። አባትሽም አያውቀውም።

ከጅዳ የተመለስኩ ጊዜ የሰባት ወር ደመወዜን ተቀብዬ ለአጎትሽ ዕዳ ከፈልኩ ብዬአችሁ ነበር። ሐሰት ነው። የመጨረሻው ዕለት እመቤቲቱ ሻንጣዬን በር ላይ አስቀምጣ፣ ሾፌሩ ውጭ ጡሩንባ እያሰማ፣ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። «ሙኻለሳ» አለችኝ። የመውጫ ወረቀት መሰለኝ፣ ካልፈረምኩ አውሮፕላኑ ጥሎኝ የሚሄድ መሰለኝ። ፈረምኩ፣ ከጎኑም አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። ሙኻለሳ ማለት ሒሳብ ተዘግቷል፣ ሁሉንም ተቀብያለሁ ማለት እንደሆነ ያወቅሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። ሰባት ወር የሠራሁበትን በገዛ ጣቴ ሰረዝኩት። ያ ገንዘብ ለአንቺ ትምህርት ነበር። አሥረኛ ክፍል ላይ ስታቋርጪ «ልጅቷ ሰነፈች» ሲሉ ሰምቼ ዝም አልኩ። ሰነፍ አይደለሽም። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ስለ ጅዳ ሳወራሽም የቤቱን ንጣፍና የማቀዝቀዣውን ቅዝቃዜ እንጂ ይህን አልነገርኩሽም። ዛሬ አንቺ ልትሄጂ ስትነሺ እኔው ነኝ ያሳየሁሽ ይመስለኛል።

እንግዲህ ስሚኝ። ያንን የእስክሪብቶ መስመር ሰርዘው ሁለታችሁም ፊርማችሁን ጎኑ ካላኖራችሁ፣ ወይም አዲስ ንጹሕ ገጽ ካልሰጡሽ አትፈርሚ። ደላላው «ሌሎቹ ሁሉ ፈርመዋል» ይልሽ ይሆናል። ሌሎቹ እናት የላቸውም ወይ? ሰዓት የለንም ቢሉሽም አትፈርሚ። ወረቀቱ ዛሬ ካልተፈረመ ነገ ይፈረማል፤ የተፈረመ ግን አይመለስም።

እዚያ ከደረስሽም በኋላ ያው ነው። ለደመወዝ መቀበያ ነው ብለው ወረቀት ሲያቀርቡልሽ፣ ገንዘቡን በእጅሽ ቆጥረሽ፣ ወሩ በአኃዝም በፊደልም መጻፉን አይተሽ ነው። ያልተቀበልሽውን አትፈርሚ። «ሙኻለሳ» የሚል ቃል ከሰማሽ እጅሽን ከወረቀቱ ላይ አንሺ፤ ፎቶ አንስተሽ ለእኔ ላኪ፣ እኔም ለተርጓሚው እልካለሁ። የሰውዬውን ስልክ በደብዳቤው ጀርባ ጽፌልሻለሁ፤ በእጅሽም ጻፊው፣ ስልክ ይቀማል።

ፎቶውን ለሌላ ሰው ስትልኪ የፓስፖርት ቁጥርሽን በወረቀት ሸፍኚው። ለትርጉም ቤቱና ለጠበቃዋ ብቻ ሳይሸፈን ይሂድ፤ ቁጥሩ ከፓስፖርትሽ ጋር አንድ መሆኑን ያስተያዩታል።

አጎትሽ በርበሬና ሽሮ ይዞልሻል። የደረቀውን ዓሣ ለብቻው አድርጌዋለሁ፣ ልብስሽ ውስጥ እንዳታስገቢው። ሹራብሽን ልበሺ፣ የአዲስ አበባ ጠዋት ይበርዳል።

ፋይሎቹን ማክሰኞ ማታ እጠብቃለሁ። ጠበቃዋ ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ቀጥራኛለች፤ የጸደቀውን ቅጂ ካገኘሽ አብሬ አሳያታለሁ፣ ካላገኘሽም ይህንኑ እነግራታለሁ። ሐሙስ ከመግባትሽ በፊት ደውዪልኝ። በዓሣው ሰዓት ስልኩን ዮናስ ይይዘዋል።

እናትሽ
ከባሕር ዳር