ለአባባ፣ ስለ ሞተሩ ሒሳብ

ጤና ይስጥልኝ አባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? የእማማ ወገብ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ጣሊያን የቲማቲም ለቀማው አልቆ ትንሽ አረፍ ብያለሁ።

ወንድሜ በውሃ መሳቢያ ሞተሩ ክፍያ ከጎረቤት ጋር መጋጨታችሁን ነገረኝ። እንቅልፍ ነው የነሳኝ። አምና ሞተሩ ተበላሽቶ "እኔ አልከፍልም" ስትባባሉ ቲማቲሙ ጊቤ ዳር፣ ውሃው አጠገብ ደረቀ። ዘንድሮ ያ እንዳይደገም።

የወጪው ሁሉ ባሕርይ አንድ አይደለም። ጥበቃው፣ የውሃ ጎማው፣ ለሞተሩ እርጅና የሚቀመጠው ገንዘብ፣ ውሃ አጠጣችሁም አላጠጣችሁም አለ። እሱ በመሬት ስፋት ይከፈል። ወንድሜ እንዳለኝ ለዘንድሮ በጋ 9,600 ብር ነው፤ አራት ቤት እኩል 2,400 እየከፈላችሁ ነው። የምታጠጡት ግን ስምንት ጥማድ ነው፤ የወንዝ ዳሩ ጎረቤት አራት፣ እኛ ሁለት፣ ባሏ የሞተባት እትዬና የኮረብታው ሰውዬ አንድ አንድ። በጥማድ 1,200 ይደርሳል። እትዬ 1,200፣ የወንዝ ዳሩ 4,800 ይከፍላሉ። የእኛ ያው 2,400 ነው። ስለዚህ ሐሳቡን እርስዎ ቢያነሱት "ለራሱ ነው" የሚል አይኖርም። የሚቆጠረው ግን በመስኖ የሚለማው ብቻ ይሁን። ቡናና ዝናብ የሚጠብቅ በቆሎ አይግባ። በየበጋው መጀመሪያ አብራችሁ በገመድ ለኩት።

ቤንዚን ደግሞ የተጠቃሚው ነው። ሙሉ ታንክ ተረክቦ ሙሉ ታንክ ያስረክብ። ሞተሩ ይቀዝቀዝ፣ ደልዳላ ቦታ ይቁም፣ ከዚያ በሊትር መስፈሪያ እስከዚያው ምልክት ይሞላ። የሞላው የበላው ነው፤ ክርክር የለውም። ዘይቱ የሚያረጀው በሥራ ሰዓት ስለሆነ የዘይቱም ገንዘብ በሰዓት ይዋጣ።

ኮረብታው ላይ ውሃው ስለሚከብድ ለአንድ ጥማድ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። እሱን ሰውዬው ይቻለው። ጎማው ተቀዶ ውሃ በመንገድ ቢፈስበት ግን ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ጎማው የጋራ ነው።

ይኼን የሚለየው ደብተሩ ነው። በየተራው ሰዓቱንና ሊትሩን ወንድሜ ይጻፍ። በሦስት ሰዓት ሦስት ሊትር ይበላ የነበረ ሞተር በዚያው ሰዓት አራት ተኩል ሊትር ከጠየቀ ሕመሙ ሞተሩ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን እዩት። ሊትሩ በሰዓት ያው ሆኖ ያንኑ ማሳ ለማጠጣት አምስት ሰዓት ከፈጀ ግን የሚጠፋው ውሃው ነው። ወይ ጎማው ያፈስሳል፣ ወይ መሳቢያው አየር ያስገባል፣ ወይ ወንፊቱን ጭቃ ደፍኖታል። ሰውን "ሰረቅህ" ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ፈትሹ።

ለሞተሩ መግዣ የላክሁትን ብር በሒሳቡ ውስጥ አያንሱት፤ የአራታችሁ ስጦታ ነው። ደብተሩ የሚቀመጠው ግን እትዬ ዘንድ ይሁን፣ እሷን ሁሉም ያምናታል። የመጀመሪያውን ገጽ ወንድሜ ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ።

ልጅዎ